ለነነዌ የሚጾም ሰው፦ የምንጠላውን ገዥ በጸሎት እንዴት እንጥራው?

የዛሬው ጉዳያችን ከሰሞኑ ዜና ትንሽ ወጣ ያለ ቢመስልም ከዜናው ጋር በየቀኑ የሚኖር ነው። እዚህ ላስ ቬጋስ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቅ እየቀመስን፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ ቡና ላይ፣ በኤርፖርቱ የታክሲ ሰልፍ ተራ ስንጠብቅ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። "ለጠላቶቻችሁ ጸልዩ ይሉናል፤ ለገዥዎች ጸልዩ ይሉናል። ወንድሜን ላስገደለ፣ እናቴን ላፈናቀለ ሰው እንዴት አድርጌ ነው የምጸልየው? ብጸልይስ ከልቤ ይሆናል ወይ?" የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች ይሰጣሉ። አንዱ "ክርስቲያን ነህ፣ ዝም ብለህ ይቅር በል" የሚል ነው፤ እሱ ሰውየውን የባሰ ያሳምመዋል። ሁለተኛው ደግሞ "ለእንዲህ ያለ ሰው ጸሎት አይገባውም" ይልና ነገሩን ይዘጋዋል። እኛ ሁለቱም ትክክል አይመስሉንም። እምነታችን ከእኛ የሚፈልገው ብዙዎቻችን ከምናስበው ያነሰም ከምናስበው የከበደም ነገር ነው። ይህን ለማሳየት ሁላችንም የምናውቀውን፣ በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾመውን ጾመ ነነዌን እንይዛለን።

መጸለይ፣ ማወደስ፣ መገዛት

ወደ ነነዌ ከመሄዳችን በፊት የተደባለቁ ሦስት ነገሮችን እንለያይ። ለገዥ መጸለይ አንድ ነገር ነው። ገዥን ማወደስ ሌላ ነገር ነው። ለገዥ መገዛት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ "አልጸልይም" የሚል ሰው እምቢ የሚለው ማወደሱን ነው፤ ጸሎቱና ውዳሴው አንድ ሆነው ስለቀረቡለት ሁለቱንም አብሮ ይጥላቸዋል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ሁሉ ጸሎትና ልመና እንዲደረግ ያዝዛል። የጳውሎስ ዘመን ቄሣር ኔሮን ነበር፤ ክርስቲያኖችን ያሳደደው ኔሮን። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ጳውሎስ ራሱ አንገቱን የተቀላው በኔሮን ዘመን ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ለጥሩ ንጉሥ ብቻ የተጻፈ ነው ማለት አይቻልም። ልብ በሉ፣ እዚያው ጳውሎስ ምን እንዲለመን እንደሚፈልግም ይናገራል። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ፣ በሰላም እንዲኖር ነው። የጸሎቱ ዓላማ የንጉሡ ዙፋን እንዲጸና ሳይሆን ከዙፋኑ ሥር ያለው ሰው እፎይ እንዲል ነው።

ይኸው ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 25 ላይ በፊስጦስ ፊት ቀርቦ ምን አደረገ? ፍርዱ አድሏዊ እንደሚሆን ሲያይ ይግባኝ ወደ ቄሣር አለ። ሕጋዊ መብቱን ተጠቀመ። ጸሎቱ አፉን አልዘጋበትም፣ ይግባኙንም አላስቀረበትም።

ከእሱ በኋላ የመጡት ክርስቲያኖችም እንዲሁ ነበሩ። የሰሜን አፍሪካው ጸሐፊ ተርቱሊያን በ197 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለሮም ሹማምንት በጻፈው መከላከያ፣ ክርስቲያኖች ለንጉሠ ነገሥቱ ዕድሜና ለመንግሥቱ ሰላም እንደሚጸልዩ ገልጾ፣ ንጉሡን አምላክ ብለው ግን እንደማይጠሩት በግልጽ አስቀምጧል። እንጸልይለታለን፣ አንሰግድለትም። መስመሩ እዚያ ላይ ነው።

በእኛም ሀገር ታሪክ መስመሩ ይታያል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት የተገደሉት ለወራሪው እንዲገዙና ሕዝቡንም እንዲያስገዙ ሲጠየቁ እምቢ በማለታቸው ነው። ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ ገዘቱ። ግፍን ግፍ ማለት ከጸሎት ሕግ ጋር አይጣላም። እንዲያውም ግፉን በስሙ ያልጠራ ሰው ስለ ግፈኛው የሚጸልየው ምኑን ነው?

ስም ሲጠራ ለምን ያመናል?

የእኛ የስደተኞች ነገር ደግሞ ከስም ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ በቆየችባቸው ዓመታት፣ ከ1984 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ፣ አሜሪካ ያለን ምእመናን "የትኛው ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ?" ስንባባል ጥያቄው "በቅዳሴ የማንን ስም ይጠራሉ?" ማለት ነበር። ሀገር ቤት ያለውን ፓትርያርክ የሚጠራ አለ፣ በስደት ያለውን የሚጠራ አለ፣ "ገለልተኛ" የሚባልም አለ። አንድ ስም በመስማት ብቻ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ፣ ዘመድ ጎረቤቱን ያልሳመ ስንት ሰው አለ። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ዕርቁ ሲፈጸምና የሁለቱም አባቶች ስም በአንድ ቅዳሴ መጠራት ሲጀምር ብዙ ሰው አለቀሰ።

ያ ዘመን ያስተማረን ነገር አለ። እኛ በጸሎት ውስጥ ስም መጥራትን እንደ ድምፅ መስጠት ነው የምንቆጥረው። ስሙ ከተጠራ "ተመረጠ፣ ጸደቀ፣ ተፈቀደለት" እንላለን። ስለዚህ የምንጠላው ገዥ ስም በጸሎት ሲነሳ ጆሯችን የሚሰማው "እግዚአብሔር ይህን ሰው ደግፎታል" የሚል ነው።

ግን በጸሎት ስም የሚጠራው ለብዙ ምክንያት ነው። የታመመ ሰው ስም ይጠራል፣ የሞተ ሰው ስም ይጠራል፣ የጠፋ ልጅ ስም ይጠራል። የታመመውን ስንጠራ በሽታውን እየደገፍን አይደለም። ገዥንም እንደ ታመመ ሰው መጥራት ይቻላል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ የዮናስ መጽሐፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ነነዌ የማን ከተማ ነበረች?

ጾመ ነነዌ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ የሚጾም ነው። ሁላችንም ታሪኩን ከልጅነት እናውቀዋለን፦ ዮናስ፣ መርከብ፣ ዓሣ አንበሪ፣ ንስሐ። የምንረሳው ግን ነነዌ የማን እንደሆነች ነው።

ነነዌ የአሦር ከተማ ነበረች፤ ፍርስራሿ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ ከሞሱል ከተማ አጠገብ ይታያል። አሦር በዚያ ዘመን የሚፈራ ኃይል ነበር። ከተማ ያቃጥላል፣ ሕዝብ ከሥሩ ነቅሎ ያሰድዳል። የእስራኤልን የሰሜን መንግሥት ዋና ከተማ ሰማርያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ያጠፋው እሱ ነው። ዮናስ "ተነሥና ወደ ነነዌ ሂድ" ሲባል የተላከው ገና ለማያውቀው እንግዳ ሕዝብ አልነበረም። ወገኑን ሊበላ ወደ ተዘጋጀ ጠላት ነው የተላከው። በዛሬ ቋንቋችን፣ መንደሩን በሚያቃጥለው ጦር አዛዥ ደጅ ቆሞ እንዲሰብክ ተነገረው።

ታዲያ ዮናስ ለምን ሸሸ? ፈርቶ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። መጽሐፉ ግን በምዕራፍ 4 ምክንያቱን ከራሱ ከዮናስ አፍ ያሰማናል። ወደ ተርሴስ የሸሸው እግዚአብሔር መሐሪ እንደሆነ ስላወቀ ነው። የነነዌ ሰዎች ቢመለሱ እንደሚምራቸው ስላወቀ ነው። ጠላቱ ሲጠፋ ማየት ነበር የሚፈልገው። ከተማዋ ስትተርፍለት ሞት ይሻለኛል አለ።

እንግዲህ እኛ ለሦስት ቀን የምንጾመው ይህን መጽሐፍ እያነበብን ነው። በውስጡ ያለው ነቢይ ለጠላቱ መጸለይ አቅቶት የተቆጣ ሰው ነው። "አልችልም፣ አይሆንልኝም" የሚል ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። መጽሐፉም አያባርረውም። እግዚአብሔር ለዮናስ ቅል አብቅሎ ጥላ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በጥያቄ ያናግረዋል።

የነነዌ ንጉሥ ያደረገውንም ልብ ብለን እንይ። ከዙፋኑ ወረደ፣ ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ ማቅ ለበሰ፣ አመድ ላይ ተቀመጠ። ነገር ግን እዚያ ላይ አላበቃም። አዋጅ አስነገረ፤ አዋጁ እያንዳንዱ ሰው ከክፉ መንገዱና በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ የሚያዝ ነበር። ቀጥሎ መጽሐፉ እግዚአብሔር ያየው ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን እንደሆነ ይናገራል። ያየው ማቁን ብቻ አይደለም፣ ሥራቸውን ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ለገዥ መጸለይ ማለት የነነዌ ንጉሥ የሆነውን እንዲሆን መለመን ነው፦ ከዙፋኑ እንዲወርድ፣ በእጁ ያለውን ግፍ እንዲጥል፣ ሌሎችም እንዲጥሉ እንዲያዝ። ይህን ጸሎት ደግሞ ማንኛውም የተበደለ ሰው ሳይዋሽ ሊጸልየው ይችላል። ምክንያቱም የሚለምነው ነገር ራሱ የሚፈልገው ነገር ነው፤ ግድያው እንዲቆም።

ጥር 2015፦ ጥቁር የለበሰ ጾም

ይህ በቅርብ ጊዜያችን እንዴት እንደተፈተነ እናስታውስ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ወሊሶ አካባቢ ሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከቅዱስ ሲኖዶስ እውቅና ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ሲኖዶሱ ጥር 18 ቀን አወገዛቸው። መንግሥት ሁለቱን ወገኖች እኩል አድርጎ ማቅረቡ ምእመኑን አስቆጣ። ጥር 27 ቀን ሻሸመኔ ላይ ምእመናን ተገደሉ።

ሲኖዶሱ ምእመናን በጾመ ነነዌ ሦስት ቀናት፣ ከጥር 29 ጀምሮ፣ ጥቁር ለብሰው በጾምና በጸሎት እንዲያሳልፉ ጥሪ አቀረበ። ሀገር ቤት በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱ ጥቁር ተለበሰ። በውጭ ያለነውም ለብሰናል።

ያ ጥቁር ልብስ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ሐዘንና ተቃውሞ ነው፤ ይሄ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ግን ማቅ ነው። ማቅ የሚለብሰው ደግሞ በነነዌ ታሪክ ውስጥ ማን ነበር? ዮናስ አይደለም። ማቅ የለበሱት የነነዌ ሰዎች፣ ማለትም በደለኞቹ ናቸው። ስለዚህ ጾሙ ራሱ እኛን በጠላታችን ወንበር ላይ ያስቀምጠናል። "ይቅር በለው" ከማለታችን በፊት "ይቅር በለን" ያሰኘናል። ተበድለን ሳለ የበደለኛ ልብስ ለበስን።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ "እንዴ! ተገደልን፣ ደግሞ ጥፋተኛ እኛ ነን?" ይላል። አይደለም። የገዳዩ ጥፋት የገዳዩ ነው። ማቅ መልበስ ጥፋቱን መጋራት አይደለም፤ በእግዚአብሔር ፊት እኔና ገዳዬ ሁለታችንም የምንዳኝ ሰዎች ነን ብሎ መቆም ነው። ይህ ካልሆነ ጸሎታችን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ንግግር ይሆናል።

በየካቲት 5 ሊደረግ የታሰበው ሰልፍ ተራዘመ፣ የካቲት 8 ቀን ስምምነት መደረሱ ተገለጸ። ስምምነቱ ቁስሉን ሁሉ አልዘጋም፤ የሞቱትን አልመለሰም። ግን በእነዚያ ሳምንታት ቤተ ክርስቲያኒቱ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ስትሠራ አየን፦ ድርጊቱን አወገዘች፣ መብቷን ጠየቀች፣ ጾመች። አንዱ ሌላውን አላስቀረውም። "ወይ ጸልይ ወይ ተቃወም" የሚለው አማራጭ ሐሰት መሆኑን በዓይናችን አይተነዋል።

ከሙስሊም ወንድሞቻችን የምናገኘው

ተከታታዮቻችን ከሁለቱም እምነት ስለሆኑ፣ በእስልምና ያለውንም እናንሳ፤ ከዮናስ ጋር በሚገርም ሁኔታ ይገጥማል። በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ላይ እንደተዘገበው ነቢዩ ሙሐመድ ከኡሁድ ጦርነት ጋር በተያያዘ በመካ መሪዎች ላይ በስም እየጠሩ ዱዓ ያደርጉ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ፣ ሱሀይል ኢብኑ ዐምርና አል-ሐሪስ ኢብኑ ሂሻም ነበሩበት። በዚህ ላይ የወረደው የቁርአን አንቀጽ (ሱራ 3፣ አንቀጽ 128) ጉዳዩ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ አላህ ሊምራቸውም ሊቀጣቸውም እንደሚችል የሚያስታውስ ነው። ዓመታት አለፉ፤ ሦስቱም ሰለሙ።

ይህ ማለት ተበዳይ ስሞታውን ለፈጣሪ ማቅረብ የለበትም ማለት አይደለም። በእስልምና የተበዳይ ዱዓ ግርዶሽ የለውም ይባላል። መልእክቱ ሌላ ነው፦ የሰውየውን መጨረሻ እኛ አናውቀውም። ዛሬ የምንረግመው ሰው ነገ ማን እንደሚሆን የሚያውቅ አንድ ነው።

ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበልም አሉ። በባግዳድ ከሊፋዎቹ ቁርአን ፍጡር ነው የሚለውን ትምህርት በግድ ሲጭኑ እምቢ ብለው ታሰሩ፤ በከሊፋው አል-ሙዕተሲም ዘመን ተገረፉ። ቃላቸውን አላጠፉም። በኋላ ግን ያስገረፋቸውን ከሊፋ ይቅር ብለውታል። ልብ በሉ፣ ይቅርታው የመጣው "ልክ ነህ" ብለው አይደለም። እስከ መጨረሻው ተሳስተሃል እያሉ ነው ይቅር ያሉት።

ከልብ እንዲሆን፦ አንድ ሰው እንውሰድ

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው እናስብ። እዚሁ ላስ ቬጋስ ሌሊት ታክሲ ይነዳል። ቤተሰቡ አማራ ክልል ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ስልክ አልነሳ ሲል ስንት ሌሊት አድሯል። እዚህ ምሽት ሲሆን እዚያ ማለዳ ነው፤ ስለዚህ የማለዳው ወሬ ሁሉ የሚደርሰው ሥራ ላይ ሳለ ነው። ተራ እየጠበቀ አንድ ቪዲዮ ያያል፣ ሌላ ይከተላል። ቤቱ ሲገባ ውዳሴ ማርያም ሊደግም ይቆማል። ልቡ ግን አሁንም ከቪዲዮው ጋር ነው። ይህ ሰው ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ንዴቱን ለእግዚአብሔር ይንገር። ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ጸሎታቸውም የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ እጅግ የመረሩ መዝሙሮች አሉ፤ በእኛ ዳዊት 108ኛውን ያነበበ ያውቀዋል። እነዚህ መዝሙሮች እዚያ የተቀመጡት የተበደለ ሰው ምሬቱን የሚያፈስበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። ቁም ነገሩ ምሬቱ የሚፈሰው ወዴት ነው የሚለው ነው። ጠላት ላይ በቀጥታ ከሚፈስ እግዚአብሔር ፊት ይፍሰስ፤ ፍርዱም በእሱ እጅ ይቆይ። የተደረገውን በዝርዝር መናገር ጥሩ ነው፦ የማን ቤት፣ የትኛው መንደር፣ የማን ልጅ።

ሁለተኛ፣ የገዥውን ስም ያለ ቅጽል ይጥራ። በየቪዲዮው የለመድናቸው የስድብ ስሞች አሉ፤ በየቴሌቪዥኑ ደግሞ የክብር ስሞች አሉ። ሁለቱንም ጥሎ ሰውየውን በስሙ ብቻ መጥራት ይሞክር። ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። በስድብ ስም ስንጠራው የምንጸልየው ለአንድ ሥዕል ነው። በማዕረግ ስንጠራው ደግሞ ለወንበሩ ነው። በስሙ ብቻ ሲጠራ ግን እናት የወለደችው፣ የሚሞት፣ የሚጠየቅ ሰው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከልቡ ሊፈልገው የሚችለውን አንድ ነገር ብቻ ይለምን። "ባርከው፣ ዕድሜ ስጠው" ማለት ካልቻለ አይበል፤ የማይፈልገውን ማለት ውሸት ነው። "በእጁ ያለውን ግፍ ይጣል፤ የሚያዝዘውን ይመልስ፤ የሠራውን ይይ" ማለት ግን ይችላል። እሱን ለሳምንታት ይያዝ። ከዚያ ልመናው ራሱ ይሰፋል፤ "ልቡን መልስለት" ማለት እየቻለ ይመጣል። የማይመጣበትም ሰው አለ። ያኔም የመጀመሪያዋ ልመና ብቻዋን እውነተኛ ጸሎት ናት።

አራተኛ፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ይጨምር። እንደ ማቁ። "እኔንም በእጄ ካለው ግፍ መልሰኝ" ይበል። በታክሲው ውስጥ በብሔሩ የሰደበው ሰው አለ? ስለ ማያውቀው ሰው ያጋራው ያልተጣራ ወሬ አለ? ግፍ በቤተ መንግሥት ብቻ አይገኝም።

ሌላ ትንሽ ነገር እንጨምር፦ ቪዲዮውንና ጸሎቱን አያገናኝ። እኛ ራሳችን ቪዲዮ የምንሠራ ሰዎች ሆነን ይህን ማለታችን ሊያስገርም ይችላል፤ እውነቱ ግን ይሄው ነው። ስልክ ተዘግቶ ፊት ታጥቦ ትንሽ ዝም ሳይባል የሚጀመር ጸሎት የዜናው ተከታይ ክፍል ነው የሚሆነው።

የተበላሸ ጸሎት በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው ብልሽት እርግማን ጸሎት ለብሶ ሲመጣ ነው። "አምላኬ ሆይ ልቦና ስጠው" እንላለን፤ ውስጣችን ግን "አዋርደው፣ እኔ ልክ እንደነበርኩ ይይ" ነው የሚለው። የዚህ መፈተኛ ቀላል ነው። ሰውየው አንድ ጥሩ ነገር ማድረጉን ብንሰማ፣ እስረኛ ቢፈታ፣ ጦር ቢመልስ ምን ይሰማናል? ደስ ካለን ጸሎታችን ሕያው ነው። "ውሸቱን ነው፣ ለታይታ ነው" ለማለት ከቸኮልን ዮናስ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠርቶ በተቀመጠበት ቦታ ተቀምጠናል። መጠራጠር ልክ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ተታለናል። መልካሙ ነገር እውነት እንዳይሆን መመኘት ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ተቃራኒው ነው፤ ጸሎት ሽንገላ ሲሆን። ይህ የሚታወቀው ጸሎቱ ተጎጂውን ሳያነሳ ሲቀር ነው። ስለ መሪዎች ጥበብና ስለ ሀገር ብልጽግና ረጅም ልመና ተደርጎ ስለታሰሩት፣ ስለተፈናቀሉት፣ ስለሞቱት አንድ ቃል ካልተባለ፣ ያ ጸሎት ጳውሎስ ካዘዘው ግማሹ ጠፍቶበታል። በቅዳሴያችን ስለ ስደተኞችና ስለ ታሰሩት የሚለመነው በምክንያት ነው።

ወሰኑስ እስከ ምን ድረስ ነው?

ለጠላት መጸለይ ከተበዳዩ የሚወጣ ነገር ነው። ሌላ ሰው በተበዳዩ ላይ ሊጭነው አይችልም፤ በተለይ ደግሞ በዳዩ ራሱ "ጸልዩልኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ ያለፈው ይርሳ" ብሎ ሊያዝዘው አይችልም። ልጇን ያጣች እናት ዛሬ ስሙን መጥራት ካልቻለች፣ ስለ እሷ ሌሎች ይጸልዩ። እሷ ታልቅስ። ጸሎተኛ የሆነ ጎረቤት በመጀመሪያው ሳምንት "ይቅር በይ" ማለቱ ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ደግሞም ጸሎት ዕርቅ አይደለም። ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እውነቱ እንዲነገር፣ የተወሰደው እንዲመለስ፣ ካሣ እንዲከፈል ይጠይቃል። በሽምግልናችንም ቢሆን በዳይ ጥፋቱን ሳያምን ዕርቅ አይፈጸምም። ጸሎት ግን አንድ ሰው ብቻውን ሌሊት ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ የጸለየ ሰው ምስክርነቱን ከመስጠት፣ ለፍርድ ከመጠየቅ፣ ሰልፍ ከመውጣት አይታገድም። ጳውሎስ ይግባኝ ብሏል።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 29 ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ሰዎች የጻፈው ደብዳቤም ለእኛ ለስደተኞች የቀረበ ነው። ላሰደደቻቸው ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ነገራቸው፤ ምክንያቱም በእሷ ሰላም ውስጥ የእነሱም ሰላም ስላለ ነው። እኛ ዛሬ ክላርክ ካውንቲ "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ በሰየመው ሠፈር ቡና እየጠጣን ስለ ሀገር ቤት ስንከራከር የሁለት ሀገር ሰላም ነው የሚያስፈልገን። የሀገር ቤቱ ገዥ ልቡ ቢመለስ የሚተርፈው የእኛው ወገን ነው። ግፉን ባይተው የሚሞተውም የእኛው ወገን ነው።

የዮናስ መጽሐፍ በጥያቄ ነው የሚያልቀው። እግዚአብሔር ለዮናስ፣ አንተ ለአንዲት ቅል ካዘንክ፣ እኔ ከመቶ ሃያ ሺህ በላይ ሰው ላለባት ከተማ አላዝንም ወይ ይለዋል። ዮናስ ምን ብሎ እንደ መለሰ አልተጻፈም። በየዓመቱ በሦስቱ ቀናት መጽሐፉ ሲነበብ ያ ጥያቄ ለሚሰማው ሰው ይቀራል።

ጾመ ነነዌ ሲመጣ፣ ወይም ከዚያ በፊት በአንዱ ሌሊት፣ አንድ ስም ያለ ቅጽል ጥራችሁ አንድ ነገር ብቻ ለምኑ። ሰላም ሁኑ።